በመሥሪያ ቤት ግሩፕ ላይ ስትስቅ

ልጄ፣ መሥሪያ ቤቱ በቴሌግራም ግሩፑ እንዳስገባህ ሰማሁ። አንተ ስልክ ይዘህ ያደግህ ነህና ስለ ስልኩ የማስተምርህ የለኝም፤ ስለ ሰዎቹ ግን አለኝ። በዚያ ግሩፕ ውስጥ ኃላፊው አሉ። ጡረታቸው የደረሰ ባለሙያ አሉ። ገና የመጀመሪያ ደመወዟን ያልተቀበለች ልጅ አለች። ከአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ቀበሌዎች፣ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥተው የሚጽፉ የልማት ሠራተኞች አሉ። ጸሐፊዋም ሹፌሩም አሉ። አንተ አንዴ ትጽፋለህ፣ እነሱ ግን እያንዳንዳቸው በየወንበራቸው ሆነው ያነቡታል። ልብህ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ። ጣትህ ግን ትቸኩላለች፤ ስለዚህ ቁጭ በልና አንብብልኝ።

1. መልሶ ሊቀልድብህ በማይችል ሰው ላይ በግሩፕ አትቀልድ። ከምነግርህ ሁሉ ይህን አጥብቀህ ያዝ። ቡና ላይ ስትቀልድ የሰውየውን ፊት ታያለህ፤ ፊቱ ከጠቆረ «ይቅርታ ጋሼ» ብለህ ወዲያው ትመለሳለህ፣ እሱም ስቆ ያልፍልሃል። በግሩፕ ላይ ግን ፊት የለም። የተቀለደበት ሰው ቢቆጣ ቀልድ የማያውቅ ይባላል፤ አብሮ ቢስቅ የተባለውን አመነ ማለት ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ በኃላፊውም በበታቹም ፊት እንደተነካ ይቀራል። እኩያህ ከሆነ መልሶ ይሸነቁጥህና ትስማማላችሁ። ታላቅህ ከሆነ ከአንተ ጋር መመላለሱ ክብሩን ይቀንስበታል። አዲስ ገቢ ከሆነች ደግሞ አፍ የላትም።

አንድ ግሩፕ ላይ የሆነውን ልንገርህ፤ መሥሪያ ቤቱንም ሰዎቹንም አልጠራም። ኃላፊው ሰኞ ጠዋት እንዲህ ጻፉ፦ «በየቀበሌው ያሉ ጀልባዎችና መረቦች ቆጠራ እስከ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ይድረሰኝ።» ሐሙስ ቀትር ላይ ያልመጣው የአንድ ቀበሌ ብቻ ነበር፤ እሱም የአንድ አንጋፋ ሠራተኛ። ያን ጊዜ እንዳንተ ቅን የሆነ አንድ ወጣት፣ ሰዉን ላስቅ ብሎ፣ ይህን ለጠፈ፦ «የጋሼ ቀበሌ ዓሦች አንቆጠርም ብለው አድመዋል መሰለኝ 😂😂 ቶሎ በሏቸው!!!» ሦስት እኩዮቹ ሳቁ። ኃላፊው ምንም አላሉም። አንጋፋውም ምንም አላሉም። ሰውየው ለካ ሁለት ቀን ሙሉ የጀልባ ባለቤቶችን ፍለጋ ተመላልሰዋል፤ ዝናቡም መንገዱን አበላሽቶባቸዋል። ቆጠራውን 10 ሰዓት ሳይሞላ ለኃላፊው ደውለው በቃል ነገሯቸው። ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ ግሩፕ ላይ አንዲት ቃል አልጻፉም። የትኛው መረብ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ጀልባ ከየትኛው ዳር እንደሚነሣ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ጥያቄ ሲነሣ ሁሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ አንድ ሰው ቀበሌው ድረስ በእግሩ ይሄዳል። አንድ የሳቅ መልእክት ያን ሁሉ መንገድ አስከተለ።

እስቲ መልእክቷን ለያይተን እንያት። ወጣቱ ዓሦቹን የቀለደባቸው መስሎታል፤ ያነበበው ሰው ሁሉ ግን የሰውየውን መዘግየት ነው ያነበበው። መዘግየቱ ደግሞ በኃላፊው ፊት ተነገረ። ከሁሉ የከፋው መጨረሻዋ ናት፤ «ቶሎ በሏቸው» ብሎ ታናሽ ታላቁን አዘዘ፣ ሦስት ቃል አጋኖም ደረደረበት። የሳቁት ፊቶች ያለዝቡታል ብሎ አስቦ ነበር። እነሱ ግን ያሳዩት ወጣቱ ራሱ እየሳቀ እንደነበር ብቻ ነው። በግል «ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ሆነ? ቁጥሩን በስልክ ይንገሩኝና እኔ በሠንጠረዡ ልሙላልዎ» ቢላቸው ኖሮ ቆጠራውም በሠንጠረዡ ተሞልቶ ይደርስ፣ ሰውየውም ይመርቁት ነበር።

ቀልድህ መበላሸቱን በምን ታውቃለህ? የሳቁትን አትቁጠር፤ እኩዮችህ ምንጊዜም ይስቁልሃል። ዝም ያለውን ተመልከት። ግሩፑ ከመቶ ሰው ካልበለጠ፣ ቴሌግራም መልእክትህን እነማን እንዳነበቡት ለሰባት ቀን ያሳይሃል። የተቀለደበት ሰው አንብቦ ዝም ካለ፣ በሌላውም ጉዳይ መጻፍ ከተወ፣ ያ መልሱ ነው።

2. መሳቅ ካማረህ በራስህና በማይሰማ ነገር ሳቅ። ኔትወርኩን፣ ጭቃውን፣ ቢሮ ውስጥ የሚያፈሰውን ጣራ፣ አንተ ራስህ ከጀልባ ስትወርድ የረጠበ ሱሪህን ብትቀልድባቸው ማንም አይከፋም። ነገር ግን ከዚህም ውስጥ የሚመርጥ ዓይን ይኑርህ። ስለ ዘገየ አበል የሚነገር ቀልድ ለምሳሌ ቀልድ አይደለም። ፋይናንስ ያለው ሰው ክስ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ኃላፊውም እንደ ቅሬታ ይወስዱታል። ቅሬታ ካለህ ቅሬታ ብለህ ጻፍ፣ ለሚመለከተው ሰው ለብቻው።

ስለ ጾምና ስለ ሥጋም አስብ። እኛ ወሎዎች በአንድ ቤት ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም ሆነን እንኖራለን፤ አማቾች ስለ ሥጋው፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ፍስኩ ሲቀላለዱ ሰምተህ አድገሃል። ያ ቀልድ የሚያምረው ለቅሶውንም ሠርጉንም አብረው ባሳለፉ ሰዎች አፍ ነው። ግሩፑ ውስጥ ግን ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ አለ፤ ያን ዝምድና አያውቀውም። በረመዳን ምሳ ሰዓት ላይ የምግብ ፎቶ ከሳቅ ጋር መለጠፍ፣ በሁዳዴም እንዲሁ፣ ከእንግዲህ እንዳላይብህ።

3. ቀልድ መሆኑን በምልክት ካላስረዳህ የማይገባ ከሆነ አትላከው። ይህ ችግር በስልክ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ ካርኔጊ ሜሎን በሚባል ዩኒቨርሲቲ፣ በ1982 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ መምህራንና ተማሪዎች በኮምፒዩተር መልእክት ሲጻጻፉ አንዱ በአሳንሰር ውስጥ ሜርኩሪ ስለ መፍሰስ ቀለደ፤ ቀልዱን ያልተረዱት እውነት መስሏቸው ደነገጡ። ስኮት ፋልማን የሚባሉ የኮምፒዩተር ሊቅ ያን ጊዜ ቀልድ ለሆነው :-) ቀልድ ላልሆነው :-( እንጻፍ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ በስልክህ የምትደረድራቸው ፊቶች ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የተበራከቱት። በእኛም ጽሕፈት ለዚሁ ጉዳይ ምልክት አለ፤ የተገለበጠው ቃል አጋኖ፣ ¡፣ ትእምርተ ስላቅ ይባላል። «ጎበዝ ነህ¡» ብሎ የጻፈ ጎበዝ አይደለህም ማለቱ ነው።

እንግዲህ ልብ በል፤ እኛ ሰዎች ስላቅን ለይቶ የሚያሳይ ምልክት እስክንሠራ ድረስ የተቸገርነው ጽሑፍ ድምፅን ስለማይሸከም ነው። አማርኛ ደግሞ በድምፅ የሚኖር ቋንቋ ነው። «እሰይ፣ ደግ አደረግህ» የሚለው እንደ አባባሉ ምርቃትም ግልምጫም ይሆናል። ስትጽፈው ድምፁ በጆሮህ ስላለ የተሰማ ይመስልሃል፤ አንባቢው ግን ቃሉን ብቻ ነው የሚያገኘው። ¡ የሚለውን ደግሞ የግሩፑ ግማሽ ሰው አያውቀውም፣ ወይ የስልክ ስህተት ይመስለዋል። ስለዚህ ስላቅን ምልክት ጨምረህም ሳትጨምርም በመሥሪያ ቤት ግሩፕ አትጻፍ። ለቡናው አቆየው።

4. ቃል አጋኖን ለደስታ አንድ፣ ለአደጋ አንድ፣ ለትእዛዝ ግን ምንም። «እንኳን ደስ ያለዎ!» ስትል አንዷ ምልክት ደስታህን ትናገራለች፤ አምስት ብትደረድር ደስታህ አምስት እጥፍ አይሆንም። በልመናና በትእዛዝ መጨረሻ ላይ ስታስቀምጣት ግን ጩኸት ትሆናለች። «ሪፖርት ላኩ!» የሚለውን ከኃላፊው ያነበበ ሰው ይደነግጣል፤ ከአንተ ያነበበ ሰው ይናደዳል።

አስቸኳይ መሆኑን እንዴት ላሳይ ትለኝ ይሆናል። ሰዓቱንና ምክንያቱን ጻፍ። «ሪፖርት ላኩ!!!» ከማለት ይልቅ፦ «የቀራችሁ ሪፖርት ዛሬ እስከ 10 ሰዓት ቢደርሰኝ አጠቃልዬ ነገ ጠዋት ደሴ ለዞን አደርሰዋለሁ።» በዚህ ውስጥ አንድም ቃል አጋኖ የለም፤ ሰው ግን ለምን እንደቸኮልህ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚጎድል ያውቃል። ደግሞ ቋንቋችን ራሱ አክብሮትን በግሡ ውስጥ አስቀምጦልሃል። «ላኩ»፣ «ላኩልኝ»፣ «ብትልኩልኝ» አንድ አይደሉም። ለግሩፕ ስትጽፍ ሁልጊዜ በእናንተ ጻፍ፤ አንቱ የሚባለውንም አንተ የምትለውንም ባንድ ላይ ያከብርልሃል። አንዱን ታላቅ ለይተህ ስትጠራ ግን በእርስዎ። በአራት ነጥብ መዝጋት ቁጣ እንዳይመስልህ፤ ታላላቆችህ አረፍተ ነገሩ ማለቁን የሚያውቁት በእሱ ነው።

የአደጋውን ያተረፍሁት ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ሐይቅ ዳር የሚሠራ ሰው አንድ ቀን «ጀልባ ተገልብጧል! ዋና የምትችሉ ወደ ዳሩ ኑ» ብሎ መጻፍ ሊኖርበት ይችላል። ያን ቀን ሰው ስልኩን አንሥቶ እንዲሮጥ ከፈለግህ፣ ስለ ሻይ መዋጮ ሦስት ቃል አጋኖ እየደረደርህ ዓይኑን አታልምደው።

5. ኢሞጂ መልስ እንጂ ንግግር አይሁን፤ መልስ ሲሆንም ቃል ኪዳን መሆኑን እወቅ። መጀመሪያ ቀላሉን ልበል። ኃላፊው መልእክት ሲልኩ ሃያ ሰው ለየብቻው 👍 ቢልክ የሁሉም ስልክ ሃያ ጊዜ ይጮኻል፤ መልእክቱም ወደ ላይ ተገፍቶ ከዓይን ይጠፋል። መልእክቱን ነክተህ ከሥሩ ምልክት ብታኖር ግን ሌላውን አትረብሽም።

ከባዱ ደግሞ ይህ ነው። በካናዳ ሳስካችዋን በሚባል ክፍለ ሀገር፣ እህል ገዢው የተልባ ውል ፎቶ አንሥቶ በስልክ ላከና «አረጋግጥ» አለ፤ ገበሬው 👍 መለሰ። ተልባው በጊዜው ሳይደርስ ቀረ። ገበሬው «መልእክቱ ደርሶኛል ለማለት ነው» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ምልክቷን እንደ ፊርማ ቆጥረው ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚሉት አባቶችህ ስልክ ሳያዩ ነው። አንተም «ቅዳሜ ለመስክ ሥራ አርዲቦ እንገናኝ» የሚል ትእዛዝ ሥር 👍 ካኖርህ እመጣለሁ ብለሃል። ማንበብህን ብቻ ለመናገር «ደርሶኛል» በል፤ የምትሄድ ከሆነ «እሺ፣ እገኛለሁ» በል፤ የማትችል ከሆነ ዛሬውኑ ለኃላፊው ለብቻቸው ጻፍ። ሁለት ቃል ነው፣ አያደክምም።

የፊቶቹ ትርጉምም በዕድሜ ይለያያል። እኩዮችህ በሳቅ ሞትን ለማለት 😭 እና 💀 ሲልኩ አያለሁ። ታላላቆችህ የሚያለቅስ ፊትና የራስ ቅል ነው የሚያዩት፤ ማን ሞተ ብሎ የሚደውልም ይኖራል። በተቃራኒው ጋሼ 👍 ብቻ ሲልኩልህ ተቆጡ ብለህ አትጨነቅ፤ እሳቸው ዘንድ ደግ አደረግህ ማለት ነው። 🙏 ምስጋናን ስለሚናገር ከሁሉም ጋር ይስማማል፤ ከእሱ ውጭ በማታውቀው ሰው ፊት ፈገግታ እንኳ አትቸኩልበት። መጀመሪያ ታላቅየው በምን እንደሚጽፍ አንድ ሳምንት ተመልከት። እሳቸው ፊት ከላኩ አንተም በልኩ ልትልክ ትችላለህ፤ ካልላኩ ቀድመህ አትጀምር።

6. በሐዘን ጊዜ ምንም ምልክት አትላክ። 😭 እና 😂 በትንሽ ስልክ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ጣት ስታ የላከችው ሳቅ በለቅሶ ላይ ሲወጣ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ክርስቲያን ከሆነ «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ሙስሊም ከሆነ «አላህ ይዘንላቸው፣ አብሽሩ» ብለህ በፊደል ጻፍ። ከዚያ ለቅሶ ቤት ድረስ ሂድ።

7. ከሳትህ ቶሎ አስተካክል፤ ነገር ግን አጥፍተህ ብቻ አትተኛ። መልእክቱን ከሁሉም ስልክ ማጥፋት ትችላለህ፤ ያነበበው ሰው ግን አንብቦታል፣ ፎቶ ያነሣውም አለ። መልእክቱን ካረምኸው ደግሞ መታረሙ ከጎኑ ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ለተነካው ሰው ደውል፤ አትጻፍለት፣ ደውል፤ ድምፅህን ይስማው። «ጋሼ፣ ያልሁት ልክ አልነበረም» በል፤ «ለቀልድ ነው እኮ» የምትለውን ግን ከአፍህ አታውጣ፤ እሱ ጥፋቱን ቀልድ ባለመረዳታቸው ላይ ይጥላል። ቀጥለህ የሳቅኸው በሁሉ ፊት ከነበረ ይቅርታውንም በሁሉ ፊት፣ በአንድ አጭር አረፍተ ነገር፣ ያለ ፊትና ያለ ቃል አጋኖ ጻፍ። ከዚያ ጉዳዩን ተወው። ደጋግመህ ብታነሣው ሰውየውን ደጋግመህ ታሳፍራለህ። ሌላ ሰው ሲሳሳትም በግሩፕ ላይ አትገሥጸው፤ በግል ንገረውና ራሱ ያጥፋው።

8. አንተም አንድ ቀን ታላቅ ትሆናለህ፤ ያን ቀን ቀልድህን አሳንስ። ኃላፊ ሲቀልድ የበታቹ ሁሉ ይስቃል፤ ስለዚህ ያስቅ አያስቅ የሚነግረው ሰው አያገኝም። በአዲሷ ሠራተኛ አጻጻፍ ስህተት ላይ 😂 ብሎ የሚጀምረው ኃላፊው ከሆነ ሃያው ሰው ተከትሎት ይስቅባታል፤ እሷም ሁለተኛ አትጽፍም። ተግሣጽ ጽፎ በመጨረሻው 🙂 የሚያኖር አለቃም አይቻለሁ፤ የበታቹ ተግሣጹን ይውሰድ ፈገግታውን ሳያውቅ ሌሊቱን ያድራል። ከተቆጣህ ለብቻው ጠርተህ ተቆጣ፤ ካመሰገንህ በግሩፑ ላይ ስሙን ጠርተህ፣ ያደረገውን ቆጥረህ አመስግን።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥህ። ይህን ስትጨርስ ግሩፑን ክፈትና የዚህን ሳምንት የራስህን መልእክቶች ብቻ አንድ በአንድ አንብብ፤ መጀመሪያ በኃላፊው ዓይን፣ ቀጥሎ በአንጋፋው ባለሙያ ዓይን፣ በመጨረሻም በአዲሷ ልጅ ዓይን። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ፊቱን የሚያጠቁርበት መልእክት ካገኘህ፣ ልጄ፣ ሳትውል ሳታድር ደውልለት።